«ጉልበቴ ከዳኝ»

ማንም አልነካውም። ይህን ደጋግሞ ይናገራል፤ ከሕመሙ ይልቅ ሰው ሳይገፋው መውደቁ የገረመው ይመስላል። የ23 ዓመት ወጣት ነው፤ እሁድ እሁድ ጠዋት ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር አፈር ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታል። ያን ቀን ኳስ እየገፋ ሲሮጥ ተከላካይ መጣበት። ቀኝ እግሩን ተክሎ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል እግሩ እንደተተከለ ቀረ፣ አካሉ ዞረ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ገባ። «ጧ» ሲል እሱም ሰማ፣ አጠገቡ የነበረው ልጅም ሰማ።

ጥቂት አረፍ ብሎ ተነሣ። እያነከሰ ሜዳው ዳር ተራመደ፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ተመልሶ ገባ፤ መጀመሪያ ሊዞር ሲል ጉልበቱ ከሥሩ ጠፋበትና እንደገና ወደቀ። ታክሲ ውስጥ ሆኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጠበበው። ቤት ሲደርስ ጉልበቱ እንደ ቅል አብጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። «ወለምታ ነው» ተባለ። ወጌሻ ዘንድ ተወስዶ ሁለት ጊዜ ታሸ። አንድ ክሊኒክ ራጅ አነሣውና «አጥንትህ ደህና ነው» አለው። ሐኪሙም ጉልበቱን አጥፎ ሳብ ሳብ አድርጎ «ጅማቱም ደህና ይመስላል» አለ። በሦስት ሳምንት እብጠቱ ሟሸሸ፤ ቀጥ ባለ መንገድ ሲሄድ ምንም አይለውም። ደረጃ ሲወርድና ሲዞር ግን «ጉልበቴ ይከዳኛል» ይላል። በአራተኛው ወር ከወንበር ሲነሣ ጉልበቱ ታጥፎ ተቆለፈ፤ አልዘረጋ አለው። በመጨረሻ የአጥንት ሐኪም ፊት የተቀመጠው ያኔ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ የያዘ ሰው ከአጥንት ሐኪም በር ላይ አይታጣም። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። የተጎዳው ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት በባዶ እጅ ማወቅ ይቻል ነበር። ያለ ኤምአርአይ፣ ያለ ሌላ መሣሪያ፣ አልጋና ሁለት እጅ ብቻ ይዞ። ያው እጅ ደግሞ አጥፎ ሳብ ካደረገ በኋላ «ደህና ነው» ያለው እጅ ነው። ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ጉልበት ምን ይዞ እንደቆመ እንይ።

የጭናችን አጥንት ታችኛው ጫፉ እንደ ሁለት ጉብታ ክብ ነው። የቅልጥማችን አጥንት የላይኛው ገጽ ግን ዝርግ ነው ማለት ይቻላል። ክብ ነገር ዝርግ ላይ ሲቀመጥ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታል። ዳሌን ብናይ ክቡ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ስለተቀመጠ በአጥንቱ ቅርጽ ብቻ ብዙ ይጸናል። ጉልበት ያንን ዕድል አላገኘም። ከፊት ያለችው ሎሚም የጭን ጡንቻ እግር እንዲዘረጋ ታግዛለች እንጂ ሁለቱን ትላልቅ አጥንቶች ይዛ አታቆማቸውም። ስለዚህ ጉልበት የሚጸናው በማሰሪያው ነው።

ዋናዎቹ ማሰሪያዎች አራት ናቸው። ሁለቱ በጎንና በጎን ቆመው ጉልበት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንዳይከፈት ይይዛሉ። ሁለቱ ደግሞ በመገጣጠሚያው መሐል ተሻግረው መስቀል ሠርተው ይገኛሉ፤ ስማቸውም መስቀለኛ ጅማት ነው። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ቅልጥም ከጭን ሥር ወደ ፊት እንዳያፈተልክና ያለ ልክ እንዳይዞር ይገታል። በስፖርት ዜና ላይ «ኤሲኤል» ሲባል የምንሰማው እሱን ነው። የኋለኛው ወፈር ያለ ነው፤ ቅልጥም ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ይይዛል።

በክቡና በዝርጉ አጥንት መካከል ደግሞ ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ትራሶች አሉ። አንዱ በውስጥ ጎን፣ አንዱ በውጭ ጎን ነው። ከዳር ወፍራም፣ ወደ መሐል እየሳሱ የሚሄዱ ናቸው። ሹፌር ዳገት ላይ ያቆመው መኪና እንዳይንከባለል ጎማው ሥር የሚያደርገውን ታኮ ላየ ሰው ሥራቸው ግልጽ ነው። ክቡ አጥንት ዝርጉ ላይ እንዳይንሸራተት ይደግፋሉ፤ በዚያ ላይ የሰውነትን ክብደት ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያሰራጫሉ። ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የተቀደደ ሜኒስከስን እንደማያስፈልግ ትርፍ ነገር ሙሉ በሙሉ አውጥተው ይጥሉት ነበር። በ1948 ፌርባንክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ትራሱ የወጣለት ጉልበት በራጅ ላይ እያደር ምን እንደሚመስል ጽፎ አሳየ፤ መገጣጠሚያው ይጠብባል፣ የአጥንቱ ዳር እየወጣ ይሄዳል። ዛሬ በተቻለ መጠን የሚሰፋው ለዚህ ነው።

ስለ ሜኒስከስ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ኋላ ላይ ይጠቅመናል። ደም የሚያገኘው የውጭ ዳሩ ብቻ ነው፤ ወደ መሐል ያለው ክፍል የደም ሥር የለውም። ዳሩ ላይ የተቀደደ ከተሰፋ ሊድን ይችላል፤ መሐሉ ላይ የተቀደደ ግን የመዳን ዕድሉ ጠባብ ነው።

አሁን ወደ ወጣታችን እንመለስ። ሐኪሟ ጉልበቱን ከመንካቷ በፊት ጥያቄ ጠየቀችው። «ሲወድቅብህ ድምፅ ሰማህ?» «ካበጠ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ አበጠ?» «ተመልሰህ መጫወት ቻልክ?»

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን የምርመራው ግማሽ ነው። የመስቀለኛ ጅማት የደም ሥር ስላለው ሲበጠስ ይደማል። ደሙ መገጣጠሚያው ውስጥ ስለሚጠራቀም ጉልበት በሰዓታት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ታክሲ ሳይወረድ፣ ይነፋል። ሜኒስከስ ብቻ ሲቀደድ ግን የሚደማው ትንሽ ነው፤ እብጠቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሰውየው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሲነቃ ጉልበቱ ከብዶት ያገኘዋል። ስለዚህ «ወዲያው አበጠ» እና «በማግስቱ አበጠ» የሚሉት ቃላት ሁለት የተለያዩ ጉዳቶችን ይጠቁማሉ። ወዲያው ያበጠ ጉልበት ሁሉ መስቀለኛ ጅማቱ ተበጥሷል ማለት አይደለም። ስብራትም እንዲሁ ያደርጋል፣ ሎሚዋ ወልቃ ስትመለስም እንዲሁ ይሆናል። ነገር ግን ድምፅ ተሰምቶ፣ ማንም ሳይነካው በመዞር ላይ ወድቆ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ይዞ የመጣ ሰው ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማቱ እንደተበጠሰ ተቆጥሮ መመርመር አለበት። «ወለምታ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ሸፍኖ ያልፋል፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው።

ራጁስ? ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። «ራጅህ ደህና ነው» ማለት «አጥንትህ አልተሰበረም» ማለት ብቻ ነው። አንድ የሚገርም ልዩ ሁኔታ ግን አለ። ፖል ሰጎንድ የሚባል ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ራጅ ሳይፈለሰፍ በፊት፣ በ1879፣ የአስከሬን ጉልበት በኃይል እያጣመመ ሲሞክር ከቅልጥም አጥንት የውጭ ዳር ላይ ትንሽ ፍንካች ተነቅላ እንደምትወጣ አስተዋለ። ዛሬ ያቺ ፍንካች በራጅ ላይ ከታየች የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት አብሮ መበጠሱ የተለመደ ስለሆነ ሐኪሙ ራጁን አስቀምጦ ወደ እጁ ይመለሳል።

ሐኪሟ ወጣቱን አልጋ ላይ አስተኛችውና «ደህናው ጉልበትህ የቱ ነው?» አለችው። ግራውን አሳያት። ከእሱ ጀመረች። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። በተፈጥሮው መገጣጠሚያው ላላ ያለ ሰው አለ፤ የእሱ ጤነኛ ጉልበት የሌላውን ሰው የተጎዳ ጉልበት ሊመስል ይችላል። ለዚህ ሰው ትክክለኛው መለኪያ የራሱ ሌላው ጉልበት ብቻ ነው። በዚያ ላይ በሽተኛው ምን ሊደረግበት እንደሆነ በማያመው እግሩ ላይ አይቶ ሲያውቅ ይረጋጋል፣ ጡንቻውንም ይለቃል። የጡንቻው መለቀቅ እዚህ ላይ ሁሉ ነገር ነው።

የጭኑን ውፍረት በሜትር ለካች፤ ከሎሚው በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የቀኙ ከግራው በሁለት ሴንቲ ሜትር አንሷል። አራት ወር ሙሉ ያንን እግር ሳያስተውለው እየሸሸው ኖሯል። ቀጥላ ሁለቱን ተረከዞች በመዳፏ ይዛ ከአልጋው ከፍ አደረገቻቸው። ግራው ጉልበት ሙሉ በሙሉ ተዘረጋ፤ ቀኙ ጥቂት ታጥፎ ቀረ። በእጇ ልትዘረጋው ስትሞክር አጥንት እንደነካ ሳይሆን ላስቲክ እንደተወጠረበት ነጠረ። በር ሲዘጋ መሐሉ ጨርቅ ገብቶበት እንደሚቀረው ማለት ነው። ውስጥ የሆነ ነገር ተቀርቅሯል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረሰች። ላክማን ይባላል። ጆን ላክማን በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የአጥንት ሕክምና መምህር ነበር፤ ምርመራውን በስሙ ጠርቶ በ1976 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጆሴፍ ቶርግ ነው። ነገሩን ያስቀደመ ግን ነበር፤ ጆርጅ ኑሊስ የሚባል ግሪካዊ በ1875 በፓሪስ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚሁ ጋር በጣም የሚመሳሰል ምርመራ ገልጿል። መቶ ዓመት ተረስቶ ኖረ።

አሠራሩ ይህ ነው። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል፤ ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ብታደርጉ የሚሆነውን ያህል ነው። ሐኪሙ በአንድ እጁ ጭኑን ከጉልበቱ በላይ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ እንዳይንቀሳቀስ። በሌላው እጁ ቅልጥሙን ከላይ ጫፉ አካባቢ ይይዝና አውራ ጣቱን ከፊት ያሳርፋል። ከዚያ ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስበዋል። በኃይል መጎተት አይደለም፤ ፈጠን ያለ፣ አጭር ስበት ነው።

የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቅልጥሙ ምን ያህል ወደ ፊት ወጣ የሚለው ነው፤ ከደህናው ጉልበት ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ ያጠራጥራል። ሁለተኛው፣ ልምድ ያለው ሐኪም አብልጦ የሚያምነው፣ መጨረሻው ነው። ጤነኛ ጅማት ሲወጠር «ጥብቅ» ብሎ ያቆማል፤ ውሻ የታሰረበት ሰንሰለት ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደሚይዘው። የተበጠሰ ጅማት ግን የሚያቆም ነገር ስለሌለው ቅልጥሙ ልል ብሎ፣ ሊጥ ውስጥ እንደገባ እጅ፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። የወጣታችን ግራ ጉልበት ጥብቅ ብሎ ቆመ። ቀኙ ሄደ፤ የሚያቆመው ጠፋ።

ታዲያ ያ መጀመሪያ ያየው ሐኪም ለምን ሳተው? እሱ ያደረገው ከላክማን በፊት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን የቆየ ምርመራ ነው። ጉልበቱ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፣ መርማሪው የታካሚው እግር ላይ ቁጭ ይላል፣ ቅልጥሙን እንደ መሳቢያ ወደ ራሱ ይስባል። ስሙም የመሳቢያ ምርመራ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ችግሩ ከማዕዘኑ ላይ ነው። ጉልበት 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ከጭን በስተኋላ ያሉት ጡንቻዎች ቅልጥሙን ወደ ኋላ ለመሳብ የሚመች አቅጣጫ ያገኛሉ። ያመመው ሰው ሳያውቀው ያንን ጡንቻ ይወጥራል፣ መሳቢያው አይከፈትም። በዚያ ላይ በዚህ ማዕዘን የውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ጠርዝ ልክ እንደ ታኮ ክቡ አጥንት ሥር ይወሸቃል። ጅማቱ ተበጥሶም ቢሆን ታኮው ቅልጥሙን አስቁሞ «ደህና ነው» ያሰኛል። በ30 ዲግሪ ግን ጡንቻው ያን ጉልበት አያገኝም፣ ታኮውም ከቦታው ይወጣል። ለዚህ ነው በአዲስ ጉዳት ላይ የመሳቢያ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚዋሽው፣ ላክማን ግን እምብዛም የማይዋሽው።

የመሳቢያው ምርመራ በሌላኛው አቅጣጫም ያታልላል፤ ይህኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። የተበጠሰው የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት ሲሆን ጉልበት 90 ዲግሪ በታጠፈበት ቅልጥሙ ገና ሳይነካ ወደ ኋላ ሰምጦ ይቀመጣል። መርማሪው ያንን ሳያይ ሲስብ ቅልጥሙ ወደ ፊት ይመጣል። «ፊተኛው ተበጥሷል» ይላል። እውነቱ ግን ቅልጥሙ ወደ ነበረበት ጤነኛ ቦታው ተመለሰ እንጂ ከልኩ አልወጣም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመሳብ በፊት ሁለቱም ጉልበቶች ጎን ለጎን 90 ዲግሪ ታጥፈው ከጎን ይታያሉ። አንዱ ቅልጥም ከሌላው ዝቅ ብሎ የሰመጠ ከሆነ ጥፋቱ የኋለኛው ጅማት ነው። ይህ ጉዳት መኪና ሲጋጭ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ቅልጥሙ ከዳሽቦርዱ ጋር ሲላተም የሚመጣ ነው። ሐኪሟ በወጣቱ ላይ ይህንን አየች፤ ሁለቱም ቅልጥሞች እኩል ነበሩ።

ቀጥላ ወደ ጎን ጅማቶች ሄደች። ጉልበቱን 30 ዲግሪ አጥፋ፣ በአንድ እጇ ጉልበቱን ከውጭ በኩል ደግፋ፣ በሌላው ቁርጭምጭሚቱን ወደ ውጭ ገፋች። የውስጥ ጎን ጅማት ከላላ ጉልበቱ ከውስጥ በኩል ይከፈታል። ይህን በ30 ዲግሪ የምታደርገው እግር ሙሉ ሲዘረጋ ከኋላ ያለው ሽፋንና መስቀለኛ ጅማቶቹ አብረው ስለሚይዙ ነው፤ የጎኑ ጅማት ተጎድቶም ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። ጠፍ ሲል ብቻውን ይጋለጣል። እግሩ ሙሉ ተዘርግቶም የሚከፈት ጉልበት ካገኘን ነገሩ ከጎን ጅማት አልፏል። የወጣቱ ግን አልተከፈተም፣ አላመመውምም። ለተለያዩ ጉዳቶች የሚሰጠው ምላሽም የተለያየ ነው። የውስጥ ጎን ጅማት ብቻውን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በድጋፍ ይድናል፤ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ግን በራሱ ተመልሶ በደንብ መገጣጠም እምብዛም አይሆንለትም።

ሜኒስከስ ላይ ስትደርስ የሐኪሟ ንግግር ዝግ አለ። እኔም ብሆን እዚህ ላይ እጅን ብዙ አላወድስም። የመጀመሪያው ምርመራ ቀላሉ ነው። ጉልበት ታጥፎ ሁለቱ አጥንቶች በሚገናኙበት ሰንጥቅ ላይ በአውራ ጣት እየተጫነ መሄድ። የተቀደደበት ቦታ ላይ ሲደረስ ሰውየው ይዘላል። ሁለተኛው ከሊቨርፑሉ ሐኪም ቶማስ ፖርተር ማክመሪ ስም የተሰየመው ነው፤ በ1942 የታተመ ነው። ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፣ አንድ እጅ ሰንጥቁ ላይ ያርፋል፣ ሌላው እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ ይህ የውስጠኛውን ሜኒስከስ ይፈትናል። እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ሲደገም የውጨኛው ይፈተናል። ጣት ሥር «ቀጭ» የሚል ከሕመም ጋር ከተሰማ የተቀደደው ጠርዝ በአጥንቶቹ መሐል እያለፈ ነው። ያለ ሕመም የሚሰማ «ቀጭ» ግን ብዙም አያስጨንቅ፤ የብዙ ጤነኛ ሰው ጉልበት ይንቋቋል።

ማክመሪ ሲገኝ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሳይገኝ ግን «ሜኒስከስህ ደህና ነው» ለማለት አያስችልም። ብዙ የተቀደዱ ሜኒስከሶች ቀጭ ሳይሉ ያልፋሉ፣ ብዙ ያመማቸው ሰዎችም ጉልበታቸውን እስከ መጨረሻ ማጠፍ አይችሉም። የወጣታችንም ተቆልፎ ስለነበር ማክመሪ አልተሠራለትም፤ አስፈላጊም አልነበረም። የማይዘረጋ፣ ሲገፉት የሚነጥር ጉልበትና የውስጥ ሰንጥቅ ሕመም አንድ ላይ ሲገኙ የተቀደደው የሜኒስከስ ክፍል እንደ ባልዲ እጀታ ተነሥቶ መገጣጠሚያው መሐል መግባቱን ይናገራሉ።

ኤምአርአይ የታዘዘው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መሣሪያው የታዘዘው ሐኪሟ ምን እንደምትፈልግ ካወቀች በኋላ ነው፤ ከመስፋት በፊት ቅዳዱ የት ጋ እንደሆነ ለማየት። ያለ ምርመራ ቀጥታ ኤምአርአይ የሚነሣ ሰው ሌላ ጣጣ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለችው የፍራሚንግሃም ከተማ ከ50 እስከ 90 ዓመት የሆናቸው ነዋሪዎች ጉልበት በኤምአርአይ ታይቶ ውጤቱ በ2008 ታትሞ ነበር። ሜኒስከሳቸው ከተቀደደባቸው ሰዎች መካከል 61 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ጉልበታቸውን ሕመምም ሆነ መገተር አልተሰማቸውም። እንግዲህ የ60 ዓመት አባት ጉልበታቸውን አሟቸው ፎቶው ላይ ቅዳድ ቢታይ ቅዳዱ የሕመሙ ምክንያት ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። እጅና ፎቶ የተስማሙበት ብቻ ነው የሚታመነው።

የወጣቱ ፎቶ እጁ ያለውን አጸደቀ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፤ የውስጠኛው ሜኒስከስ ዳሩ ላይ ተቀዶ ወደ መሐል ተገልብጧል። ሁለተኛው ጉዳት በመጀመሪያው ቀን የደረሰ አይመስልም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። መስቀለኛው ጅማት ሳይኖር ጉልበቱ በከዳው ቁጥር የጭኑ አጥንት ከኋላ ያለውን ታኮ ይረግጠዋል፤ አንድ ቀን ታኮው ይቀደዳል። አራት ወር «ወለምታ» ተብሎ የታለፈው ጅማት ያስከፈለው ሜኒስከሱን ነው። ደግነቱ ቅዳዱ ደም በሚደርስበት ዳር ላይ ነበር፤ ተሰፋ። ጅማቱም ከራሱ ጭን የኋላ ጡንቻ በተወሰደ ጅማት ተተክቷል። ተመልሶ ኳስ ለመጫወት ቢያንስ ዘጠኝ ወር ፊዚዮቴራፒ እየሠራ መጠበቅ እንዳለበት ተነግሮታል።

በቀዶ ሕክምናው ቀን አንድ ምርመራ ቀርቶ ነበርና ተሠራ። ጉልበቱ ተዘርግቶ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ከውጭ በኩል እየተገፋ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ፣ ወደ ፊት ያፈተለከው ቅልጥም በድንገት «ዝርክ» ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰውየው «ከዳኝ» የሚለውን ስሜት በሐኪሙ እጅ ላይ እንደገና ማሳየት ማለት ነው። ሲገኝ የፊተኛው ጅማት መበጠሱ ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን ሰው ነቅቶ ሳለ ጡንቻውን እየወጠረ ስለሚከላከል ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ያማልም። የተኛ ሰው አይከላከልም፤ ቅልጥሙ በሐኪሟ እጅ ውስጥ ዝርክ አለ።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ወለምታ የሚያሽ፣ የወለቀ ክንድ የሚመልስ እጅ በየሰፈሩ አለ፤ ብዙ ሰው ሌላ አማራጭም የለውም። ወዲያው ያበጠ ጉልበት ግን በውስጡ ደም የቋጠረ ጉልበት ነው፤ ማሸት የተበጠሰ ጅማት አይገጥምም፣ ያልታወቀ ስብራት ካለ ደግሞ ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው መላው ጉልበት ወልቆ የተመለሰ እንደሆነ ነው። ያኔ ከጉልበት በስተኋላ የሚያልፈው ዋና የደም ሥር ሊቆረጥ ይችላል፤ በጊዜ ካልታወቀ እግር ያስቆርጣል። እግሩ የቀዘቀዘ፣ የገረጣ ወይም የደነዘዘ ከሆነ ወጌሻም ክሊኒክም አይጠብቅም፤ ወዲያው ትልቅ ሆስፒታል ነው።

ደግሞም በጣም ያበጠና የሚያም ጉልበት በመጀመሪያው ቀን በእጅ በደንብ መመርመር አይቻልም። ያን ቀን ስብራትና የደም ሥር ጉዳት ተለይቶ፣ በረዶ ተደርጎ፣ እግር ከፍ ተደርጎ፣ ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና መታየት ነው። ወጣታችን ያ ሁለተኛ ቀጠሮ አልተሰጠውም፤ እሱም አልጠየቀም።

ስለዚህ ጉልበቱ ያበጠ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሦስት ነገር ይዞ ይሂድ። ድምፅ መሰማቱን፣ በስንት ሰዓት እንዳበጠ፣ እግሩ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋ እንደሆነ። አልጋ ላይ ሲወጣም ሁለቱንም ሱሪ ሰብስቦ ይውጣ፤ ደህናውም ጉልበት መታየት አለበት።